ተስቦ ካሉ ተስቦ ብለን እንጻፍ
(በተመራቂዎች የመሰባሰቢያ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሕክምና ታሪክ ሃያ ደቂቃ ተናገሪልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። በኋላ ግን ትዝ ሲለኝ፣ በታሪክ ላይ አንድ ጥሩ ስሕተት ሠርቻለሁ። ሌላው ቢቀር ስሕተቴን ልንገራችሁ ብዬ መጣሁ። መምህራኖቻችንም ድሮ ቢሆን ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ስሕተታችን ላይ ነበር ብዙ ጊዜ የሚቆዩት፤ አይደል?

ነገሩ የሆነው በኅዳር 2013 ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር የምንውለው። በምሠራበት ሆስፒታል ስለ ቀድሞ ወረርሽኞች አጭር ገለጻ እንዳቀርብ ተጠየቅኩ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲያው መጣልኝ። በዚያ ላይ በቤተሰባችን ውስጥ ስለዚያ ኅዳር የሚናገር ጽሑፍ እንዳለ አውቃለሁ። የቅድመ አያቴ ዳዊት አክስቴ ዘንድ ነው ያለው። እንደምታውቁት ድሮ ሰው ልደቱንም ሞቱንም የሚጽፈው በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ቅድመ አያቴም ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ እንዲህ ብለው ጽፈዋል።

«በ፲፱፻፲፩ ዓመተ ምሕረት በኅዳር በ፯ ቀን ወለተ ማርያም ታመመች። ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። በአምስተኛው ቀን በተስቦ አረፈች። ወንድሟ በ፲፫ አረፈ፣ በታመመ በስድስተኛው ቀን። እኅቷ በ፲፮ አረፈች፣ በታመመች በሦስተኛው ቀን።»

እኔ ይህን በስልኬ አነሣሁና ገለጻዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከሥዕሉ ሥር የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «የስፔን ጉንፋን፣ ኤች 1 ኤን 1፣ በአንድ ቤተሰብ ሦስት ሞት። የመጀመሪያዋ ሟች የቀብር ሥነ ሥርዓት ሱፐር ስፕሬደር ክስተት ነበር። ማኅበራዊ ርቀት አልተጠበቀም፤ የጥንቃቄ ጉድለት።» በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ «ኅዳር ሲታጠን፦ ቀደምት የአካባቢ ንጽሕና ዘመቻ» ብዬ ጨመርኩ። ሥራዬ በጣም አማረኝ። ዳዊቱን ልመልስ ስሄድ ለአክስቴ በኩራት አሳየኋቸው።

አክስቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያደጉት በእኒሁ አያታቸው እጅ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ አያቴ ሰው ገደሉ ነው የምትይው?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ እንደሱ አላልኩም። አላወቁም ነው ያልኩት። ያን ሁሉ ሰው ለቀብር ሰብስበው በሽታው ተዛመተ ለማለት ነው።»

«ታዲያ ማን ይቅበራት?»

መልስ አልነበረኝም። አክስቴም መልስ አልጠበቁም፤ ዳዊቱን ከእጄ ወስደው ቅጠሉን ገለበጡት። በጀርባው አንድ መስመር ነበረ። እኔ ያላነበብኩት መስመር።

«ሰው አልተገኘም። ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆነን ቀበርናት።»

ሦስት ሰው! እኔ በገለጻዬ ድንኳን የተጣለበት፣ ወንበር የተደረደረበት፣ ሰፈሩ ሁሉ የወጣበት ለቅሶ ነው ያቆምኩት። እኛ ዛሬ የምናውቀውን ለቅሶ። ወረቀቱ ላይ ለቅሶ የሚል ቃል የለም፤ እድር የሚል ቃል የለም። «ሰው አልተገኘም» ነው የሚለው። ቅጠሉን ያልገለበጥኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። የምርመራ ውጤቴ በእጄ ነበረ። በሽተኛው ሦስት ቃል ሲናገር በሽታውን «አውቀን» የቀረውን መስማት የምናቆም ጊዜ አለ፤ እኔ ያን በሙት ሰው ላይ አደረግኩት።

የታሪክ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስሕተት አናክሮኒዝም ይሉታል፤ የአንዱን ዘመን ነገር ከሌላው ዘመን መክተት ነው። ቀላሉን ዓይነት ሁላችንም እንይዘዋለን። በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን ፊልም ውስጥ አንዱ ተዋናይ የእጅ ሰዓት አድርጎ ቢታይ እንስቃለን። ከባዱ ግን በቃልና በፍርድ የሚገባው ነው፤ እሱ አይታይም። ዛሬ በዚያ አንድ ገጽ ላይ ብቻ እንቆይና የእኔን ሰዓቶች አንድ በአንድ እናውልቅ።

መጀመሪያ ስሙ። «የስፔን ጉንፋን» የተባለው በአውሮፓ ነው። በጦርነቱ ያሉ አገሮች ጋዜጦቻቸውን ሲቆጣጠሩ ገለልተኛዋ ስፔን ስለ በሽታው በግልጽ ትጽፍ ስለነበር ከእሷ የመጣ መሰለ። ለቅድመ አያቴ ስፔን ምናቸውም አይደለችም። ደግሞም «ጉንፋን» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ የሚያስነጥስ፣ በዝንጅብልና በፌጦ የሚድን ነገር ነው። አንድ ቤት በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ሰው የቀበረበትን ነገር «ጉንፋን» ስለው የሆነውን ሁሉ አሳነስኩት።

«የኅዳር በሽታ» ብለውስ? እሱ የእኛው ስም ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ይህም በጽሑፉ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም። ኅዳር 11 ቀን ሚስቱን የቀበረ ሰው በሽታው ከኅዳር ጋር ያልፋል ወይስ እስከ ጥር ይቆያል፣ በምን ያውቃል? ስሙ የተሰጠው ካለፈ በኋላ፣ ዞር ብሎ ባየ ሰው ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ወደ ጦር ሜዳ የዘመተ ፈረንሳዊ ወታደር «ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እየሄድኩ ነው» እንደማይለው ማለት ነው። ሁለተኛው ሳይመጣ አንደኛ የለም።

ቫይረስና ኤች 1 ኤን 1ንም እንይ። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በለንደን በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። የ1918ቱ ቫይረስ ሙሉ የዘር ቅንብር ተነብቦ ያለቀው ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ነጭ ጋውን ለብሰን ዋርድ በምንሮጥበት ዘመን ነው። ስለዚህ «ቅድመ አያቴ ቫይረስ መሆኑን አያውቁም ነበር» ስል እውነት ነው፤ ግን የሚያሳስት እውነት ነው። በዚያን ቀን ለንደን ያለው ፕሮፌሰርም አያውቅም ነበር። በዓለም ያሉ ብዙ ሐኪሞች ያን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው በ1892 እ.ኤ.አ. ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ያገኘው ባክቴሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ደግሞ ስሕተት ነበረ። አንድን ሰው አላወቀም ከማለታችን በፊት በዚያ ዘመን ያወቀ ሰው ነበር ወይ ብለን መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ፤ ተስቦ።

እኔ ተስቦ የሚለውን አንብቤ በልቤ «ተሳስተዋል» አልኩ። ለእኔ ተስቦ ማለት ታይፈስ ነው፤ በቅማል የሚተላለፍ። የአንጀት ተስቦ ደግሞ ታይፎይድ፤ በምግብና በውኃ። ግርሻ ሌላ ነው። እነዚህን እንደ ሦስት የተለያዩ መሳቢያዎች ነው የተማርናቸው። ግን እነዚህ መሳቢያዎች የተሠሩት መቼ ነው? ታይፈስና ታይፎይድ ሁለት በሽታ መሆናቸው በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት እያገኘ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። ታይፈስን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል ቱኒስ ላይ ያሳየው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅድመ አያቴ ያን መስመር ከመጻፋቸው ዘጠኝ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ። ስለዚህ የእሳቸው «ተስቦ» የእኔ ታይፈስ ሊሆን አይችልም። የእሳቸው ቃል የሚቆርጠው በሌላ መስመር ነው፦ ትኩሳት አለው፣ ሰው ይጥላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ቤት ያዳርሳል። በዚህ ትርጉም ከወሰድነው ቅድመ አያቴ አንዳች አልተሳሳቱም። ያዩትን በትክክለኛው ቃል ጻፉት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የእሳቸውን ቃል በእኔ መዝገበ ቃላት ፈትቼ አረምኳቸው።

ይህን ስናገር የዋርድ ልምዳችን ይታወሰኝ። መምህራኖቻችን ስንት ጊዜ ነው የመለሱብን? «የመጣበትን ዋና ሕመም በበሽተኛው ቃል ጻፊ» እያሉ። እናት መጥታ «ምች መታኝ» ስትል እኛ ፈጥነን የከንፈር ሄርፒስ ብለን እንጽፋለን። ሌላዋ «ምች መታኝ» ትላለች፣ ከንፈሯ ላይ ምንም የለም፤ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ነው ያላት። ምች የሄርፒስ የአማርኛ ስም አይደለም፤ ሌላ መስመር የሚከተል ቃል ነው። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ሁለት ቦታ ያለው፦ ከላይ የእሷ ቃል፣ ከታች የእኛ ፍርድ። ከታች ያለው ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ ከላይ ያለው አይነካም። ከላይ ያለውን ከሰረዝን ነገ የሚያየው ሐኪም የእኛን ስሕተት የሚያርምበት ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ያን ገጽ እንደ ካርድ ልይዘው ወሰንኩ። ከላይ የእሳቸው ቃል እንዳለ፦ ተስቦ፣ የአፍንጫ ደም፣ ቀኖቹ፣ «ሰው አልተገኘም»። ከታች የእኔ። እስቲ አብረን እንሥራው።

መጀመሪያ ቀኑ። እዚህም ወጥመድ አለ። 1911 ሲል በፈረንጅ 1911 መስሏቸው ከጦርነቱ በፊት የሚያደርጉት ሰዎች አጋጥመውኛል። በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኅዳር 7 ቀን 1911 ማለት በፈረንጅ ኖቬምበር 16 ቀን 1918 ነው። ጦርነቱ በቆመ በአምስተኛው ቀን ማለት ነው። ያን ጊዜ በሽታው አዲስ አበባን ይዟት ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት የተረፉበት ወቅት ነው።

ቀጥሎ የአፍንጫ ደም። እኔ እሱን ሳይ «ይኸው ማስረጃ!» ብዬ ነበር፤ የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሰው ያነስር እንደነበር ስላነበብኩ። ግን ያገረሸ ትኩሳትም፣ ማለትም ግርሻ፣ ያነስራል። ስለዚህ ይህ ምልክት ለሁለቱም ይሆናል፤ አይለይም። ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

የሚለየው ቀኑ ነው። ሦስቱም የሞቱት በታመሙ በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ታይፈስ ሲገድል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ይገባል፤ ከተጋለጡ በኋላ እስኪታመሙም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ከአንድ እስከ አራት ቀን ውስጥ ያሳምማል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ በቀናት ይጨርሳል። ሦስቱም ወጣቶች ነበሩ፤ አክስቴ እንደሚሉት ትልቋ ሠላሳ አልሞላትም። ያ ወረርሽኝ ደግሞ በተለይ ወጣት አዋቂዎችን በመግደሉ ነው የሚታወቀው። ከተማውን፣ ወሩን፣ ፍጥነቱንና ዕድሜውን ስደምር ከታች የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ኢንፍሉዌንዛና ተከትሎት የመጣ የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም። ግርሻን ፈጽሞ ማውጣት አይቻልም።» ያለ ደም ምርመራ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ከዚህ በላይ መናገር ድፍረት ነው። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ቃል አትናቁት፤ በገለጻዬ ላይ የጎደለው እሱ ነበር።

አሁን ክሴን እንመርምር። ቀብሩ ኅዳር 11 ነው። ወንድሟ የሞተው በ13፣ በታመመ በስድስተኛው ቀን። ወደ ኋላ ቁጠሩት፦ የታመመው በ8 ነው። ማለትም ቀብሩ ሳይደርስ ሦስት ቀን ቀድሞ ታሟል! እኅቷ በ16 ሞተች፣ በሦስተኛው ቀን፤ የታመመችው በ14 ነው። እሷን ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ያዛት ማለት ይቻላል። ግን አክስቴ እንደሰሙት ሁለቱን ስታስታምም የከረመችው እሷ ናት፤ ወንድሟ እስከ 13 ድረስ በዚያው ቤት ተኝቶ ነበር። ከቀብሩ ያዛት ወይስ ከአልጋው፣ የሚለየው የለም። «ሱፐር ስፕሬደር» ያልኩት ቀብር ሦስት ቀባሪ ብቻ የነበሩት፣ አንዱን ሟች ሊያሳምም የማይችል፣ ሌላዋንም ስለማሳመሙ ምንም የማያሳይ ቀብር ነበር። ይህ ሁሉ ከዚያው ገጽ ላይ ነበረ። መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ያን ዓመት ዜናው ሁሉ በዚያ ቃል ተሞልቶ ስለነበር እኔም ቃሉን ይዤ የሚገጥመው ሰው ፈለግኩ፤ ቅድመ አያቴን አገኘሁ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ሊያቆመኝ ይችላል። «ዶክተር፣ አንቺም እኮ የዛሬን እውቀት ነው የተጠቀምሽው። ከአንድ እስከ አራት ቀን የሚለውን ቅድመ አያትሽ አያውቁትም።» ልክ ነው። ለእኔ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የዛሬን እውቀት መጠቀም ክልክል አይደለም፤ ጥያቄው ምኑን ለማስረዳት ነው የሚለው ነው። ሰዎቹ ለምን ሞቱ የሚለውን ለመመለስ የዛሬን እውቀት ሁሉ አምጡ። በሽታው የእኛን እውቀት አይጠብቅም፤ ያን ጊዜም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ሰውየው ለምን እንዲህ አደረጉ የሚለውን ለመመለስ ግን የእሳቸው ዘመን እውቀትና የእሳቸው እጅ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሞቱን በእኛ፣ ውሳኔውን በእሳቸው። እኔ ሁለቱን ደባልቄ፣ በ1933 በተገኘ ነገር በ1918 ሰው ከሰስኩ።

ሌላም ልጨምር፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። «እንግዲህ ያን ጊዜ ምንም አይታወቅም ነበር፤ ማንንም መውቀስ አይቻልም» ይላል። ይህም የእኛ ዘመን ንቀት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። በሽታ ከሰው ወደ ሰው መሄዱን ያን ጊዜ ሰው ያውቃል፤ ራሱ ተስቦ የሚለው ቃል ይመሰክራል። በዚያው መኸር በአሜሪካ ከተሞች ቫይረሱን ሳያውቁት ስብሰባ ከልክለዋል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አፍ መሸፈኛ በደንብ ታዝዟል። ስለዚህ ፍርድ አይቀርም፤ ሚዛኑ ነው የሚለወጠው። «ምን ያውቁ ነበር? ምን አማራጭ ነበራቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቅድመ አያቴ አማራጭ ምን ነበር? አስከሬኑን ቤት ማስቀመጥ ወይም ለጅብ መተው። ያን ኅዳር በከተማው ሬሳ የሚቀብር ጠፍቶ፣ በጥልቅ ያልተቆፈረውን መቃብር ጅብ ያወጣ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ተናግረዋል። ሁለት ጎረቤት ለምነው መቅበር ነበር የቀረው፤ ያንን አደረጉ። የአክስቴ ጥያቄ፣ «ታዲያ ማን ይቅበራት?» የሚለው፣ ከማንኛውም የታሪክ ዘዴ መጽሐፍ የበለጠ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

አንድ የቀረኝ ሰዓት አለ፤ «የአካባቢ ንጽሕና ዘመቻ» ያልኩት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ ይህንንም ከዚያ በሽታ ጋር አያይዘን እናስረዳለን። በገለጻዬ ላይ ሰዎቹን አመሰገንኳቸው፦ ጀርም ሳይማሩ ጀርም አቃጠሉ ብዬ። ማመስገንም እንደ መውቀስ ያሳስታል። ቃሉን ስሙት፦ «ኅዳር ሲቃጠል» አይልም፤ «ኅዳር ሲታጠን» ነው የሚለው። ማጠን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፣ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፣ አራስ ቤት ይታጠናል። የሚታጠነው ቆሻሻው አይደለም፤ ወሩ ነው። ይህ ቃል ስለ ጢስ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ክፉና ደግ የራሱ አሳብ አለው፤ እኔ «የንጽሕና ዘመቻ» ብዬ ስተረጉመው ያ ሁሉ ወጣና የቀረው የእኔው የጤና ትምህርት ፖስተር ነው። አያቶቻችንን የእኛ ረዳቶች አድርጎ ማመስገን እነሱን ማወቅ አይደለም።

እንግዲህ ይህ የቤቴ ታሪክ ነው። ለምን ለእናንተ አመጣሁት? በመካከላችሁ አሮጌ የሆስፒታል መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ አላችሁ። መልካም ሥራ ነው፤ ወረቀቱ እያለቀ ነው። ግን አሠራሩን በአንድ ቦታ አይቼ ደነገጥኩ። መዝገቡ ላይ «ንዳድ» የሚል አለ፤ ጸሐፊው ከዝርዝር ውስጥ «ወባ» የሚለውን ይመርጣል። «ተስቦ» ካለ «ታይፈስ»ን ይመርጣል። ቃሉ ራሱ የሚገባበት ቦታ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ መጥቶ «በዚህ ሆስፒታል በዚያ ዓመት ይህን ያህል ታይፈስ ነበረ» ብሎ ሠንጠረዥ ይሠራል። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው የዚያን ዘመን በሽታ አይደለም፤ የመዝጋቢውን ግምት ነው። ወረቀቱ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ማንም ሊያርመው አይችልም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ተጨማሪ ዓምድ። በመጀመሪያው ዓምድ የመዝገቡ ቃል፣ ፊደሉ ሳይታረም፣ እንዳለ። በሁለተኛው የዛሬው ግምት። ካስፈለገም በሦስተኛው የግምቱ ጥንካሬ፦ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «አይለይም»። ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ግን እኛ ራሳችን ነገ አሮጌ መዝገብ ነን። ዛሬ በሙሉ ልብ የምንጽፈው የምርመራ ውጤት ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ «ተስቦ» የሚነበብበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያነበን ሐኪም ቅጠሉን እንዲገለብጥልን ነው የምመኘው።

ገለጻዬስ ምን ሆነ? አቀረብኩት፤ ግን ከሥዕሉ ሥር የነበረውን ሁሉ አውጥቼ የቅድመ አያቴን ቃል ብቻ አስቀመጥኩ፣ የጀርባውንም መስመር ጭምር። የእኔን ግምት ለብቻው በሌላ ገጽ አደረግኩት። አንድ ኢንተርን እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ ዶክተር፣ ምርመራው ምንድን ነው?» አለኝ። «ተስቦ ብለዋል» አልኩት። «እኔ ደግሞ የማስበውን በሚቀጥለው ገጽ እነግርሃለሁ።»

ዳዊቱን ለአክስቴ ስመልስ የታተመውን ገጽ አብሬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው «ሰው አልተገኘም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ዳዊቱ ውስጥ፣ ከዚያው ገጽ ጎን አስገቡት። «አሁን ይሁን» አሉኝ።